የቪን ብሪጅ ኦሲሌተር አልነሳ ሲል፣ ተነስቶም ጫፉ ሲቆረጥ

ሰሞኑን አንድ የኤሌክትሪካል ተማሪ ብሬድቦርዱን በካርቶን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ሁሉንም ደጋግሜ አየሁት፣ ልክ ነው፤ ግን ምንም አይወጣም» አለኝ። የሠራው የቪን ብሪጅ ኦሲሌተር ነው፣ ሳይን ዌቭ በራሱ የሚያመነጭ ሰርኪዩት። ያ ሰርኪዩት በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት ችግር አሳየን፣ ሦስቱም ከአንድ ቁጥር የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መጀመሪያ የሠራውን ላስቀምጥ። ኦፕ-አምፑ TL072 ነው፣ ፓወሩ ፕላስና ማይነስ 12 ቮልት። ከአውትፑት ወደ ፕላስ እግሩ 10 ኪሎ ኦምና 10 ናኖፋራድ ተከታትለው ይሄዳሉ። እነዚህን R1 እና C1 እንበላቸው። ከፕላስ እግሩ ወደ ግራውንድ ደግሞ ሌላ 10 ኪሎ ኦምና 10 ናኖፋራድ ጎን ለጎን ተያይዘዋል፤ R2 እና C2 ናቸው። በማይነስ እግሩ በኩል ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም አለ። ከአውትፑት ወደ ማይነስ እግሩ 18 ኪሎ ኦምና 3.3 ኪሎ ኦም ተከታትለው ገብተዋል፣ በ3.3ቱ ላይ ሁለት 1N4148 ዳዮዶች ፊትና ኋላ ተገለባብጠው ታስረዋል።

ምልክት አንድ፦ አውትፑቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል

ኦሲሎስኮፑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው ያለው። እዚህ ላይ ሽቦ መንቀል ከመጀመራችሁ በፊት መስመሩ የት እንደተኛ እዩ። የፓወሩ አናት ወይም ታች ላይ ከተለጠፈ፣ ፕላስ ወይም ማይነስ 10 ቮልት አካባቢ ማለት ነው፣ ነገሩ የሽቦ ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ ፕላስና ማይነስ እግሮች ተቀያይረዋል፣ ወይም R2 ግራውንዱን አልነካም። ዜሮ ላይ በሰላም ከተኛ ግን፣ ፓወር እስካለው ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ኦፕ-አምፑ ደህና ነው፣ የጎደለው ጌይን ነው። የተማሪው ዜሮ ላይ ነበር።

ለምን ጌይን? ብሪጁ፣ ማለትም R1፣ C1፣ R2 እና C2፣ በራሱ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከአውትፑቱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው ወደ ፕላስ እግሩ የሚመልሰው። ማጉያው 3 ጊዜ ካላጎላ ዞሮ የመጣው ሲግናል በእያንዳንዱ ዙር እያነሰ ይሄዳል። ልክ 3 ከሆነ ደግሞ ያለው ባለበት ይቆያል እንጂ አያድግም። ሰርኪዩቱ ሲበራ ያለው የኦፕ-አምፑ የራሱ ትንሽ ጫጫታና የፓወሩ መነቃነቅ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ነገር አድጎ የሚታይ ሳይን ዌቭ እንዲሆን የሉፕ ጌይኑ፣ ማለትም የማጉያው ጌይን ብሪጁ በሚመልሰው ክፍልፋይ ተባዝቶ፣ መጀመሪያ ላይ ከ1 መብለጥ አለበት። አድጎ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ልክ 1 ላይ መቆም አለበት። ሁለቱን በአንድ ቋሚ ሬዚስተር ማግኘት አይቻልም፤ ዳዮዶቹ የገቡት ለዚህ ነው። ሲግናሉ ትንሽ ሲሆን ዝግ ናቸው፣ ጌይኑ ከፍ ይላል። ሲያድግ ይከፈታሉ፣ 3.3ቱን ያሳንሱታል፣ ጌይኑም ይወርዳል።

ተማሪው ይህን በደንብ ያውቃል። ሒሳቡንም ሠርቷል፦ 1 ሲደመር 21.3 ሲካፈል ለ10፣ ማለትም 3.13። ከ3 ይበልጣል። ታዲያ ለምን አልተነሳም?

3 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ሁለቱ ሬዚስተሮች እኩል፣ ሁለቱ ካፓሲተሮችም እኩል ሲሆኑ ብቻ ስለሆነ ነው። እኩል ካልሆኑ ትክክለኛው ይኼ ነው፤ f ፍሪኩዌንሲው፣ A የማጉያው ጌይን ነው፦

```
f = 1 / (2π · √(R1·R2·C1·C2))
A > 1 + R1/R2 + C2/C1
```

ላያቸው ላይ 10 ናኖፋራድ ተብሎ የተጻፈባቸው ካፓሲተሮች ፕላስ ማይነስ 10 በመቶ ሊለያዩ ይችላሉ። ሬዚስተሮቹ ባለ 5 በመቶ ከሆኑ፣ በሁሉም በኩል ዕድል ቢከፋ የሚያስፈልገው ጌይን 3.33 ይደርሳል። ዕድል ቢቀና ደግሞ ወደ 2.72 ይወርዳል። ስለዚህ አራቱንም ነቅለን ለካን። R1 10.2 ኪሎ ኦም፣ R2 9.9 ኪሎ ኦም፣ C1 9.3 ናኖፋራድ፣ C2 10.4 ናኖፋራድ። ደምሩት፦ 1 ሲደመር 1.03 ሲደመር 1.12፣ 3.15 ገደማ። ያለው 3.13፣ የሚያስፈልገው 3.15። ልጁን ሁለት ቀን እንቅልፍ የነሳው ይህቺ ልዩነት ናት።

መለኪያ የሌላችሁም ይህን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ከ18ቱ ጋር ተከታታይ አድርጋችሁ ሌላ 10 ኪሎ ኦም ለጊዜው ጨምሩ። ጌይኑ ከ4 በላይ ይሄዳል። ወዲያው ሞገድ ከመጣ፣ ጫፉ የተቆረጠ አስቀያሚ ቢሆንም እንኳ፣ ችግሩ የጌይን ነበር ማለት ነው። አሁንም ዝም ካለ የብሪጁን ሽቦዎች ፈትሹ።

መፍትሔው ደግሞ ምንም አላስወጣንም። ሁለቱን ካፓሲተሮች አቀያየርናቸው። ትልቁ በተከታታይ በኩል፣ ትንሹ ከግራውንዱ በኩል ሆነ። አሁን የሚያስፈልገው 1 ሲደመር 1.03 ሲደመር 0.89፣ ማለትም 2.92 ብቻ ነው። ፍሪኩዌንሲው አይነካም፣ ምክንያቱም በቀመሩ ውስጥ የሚገባው ብዜታቸው ነው፤ በፊትም በኋላም 1.61 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው። ፓወር ሰጠነው፣ ተነሳ። የልጁን ፊት ብታዩት!

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር፦ «አልተነሳም» ያላችሁት አንዳንዴ እየተነሳ ይሆናል። ጌይኑ ከሚፈለገው በ0.01 ብቻ ከበለጠና ፍሪኩዌንሲው 100 ኸርዝ ከሆነ፣ ከአንድ ሚሊቮልት ተነስቶ 3 ቮልት ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ አታጥፉት።

ምልክት ሁለት፦ ተነሳ፣ ግን አናቱና ታችኛው ጠፍጣፋ ነው

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሞገዱ 10 ቮልት አካባቢ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ዳዮዶቹ ተበላሽተዋል» ብሎ ይቀይራቸዋል። አልተበላሹም። ኦፕ-አምፑ ራሱ ፓወሩ ጋ ስለደረሰ ነው የቆረጠው፣ ዳዮዶቹ ጌይኑን አውርደው ሳይጨርሱ።

ለምን እንደዘገዩ በቁጥር እንየው። የሚያስፈልገው ጌይን 2.92 ከሆነ የፊድባክ ሬዚስተሩ በጠቅላላ 19.2 ኪሎ ኦም መምሰል አለበት። 18ቱ ቋሚ ነው። ስለዚህ ዳዮድ ያለበት ክፍል ወደ 1.2 ኪሎ ኦም መውረድ አለበት። በዚያ ክፍል ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ደግሞ ከአውትፑቱ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ 1.2 ሲካፈል ለ29.2፣ ማለትም ከሃያ አምስት እጅ አንዱ ገደማ። በዚህ አነስተኛ ከረንት ዳዮዱ ግማሽ ቮልት ገደማ ላይ ነው የሚከፈተው። እንግዲህ ግማሽ ቮልት እዚያ ላይ እንዲገኝ አውትፑቱ 12 ቮልት መድረስ አለበት። TL072 በ12 ቮልት ፓወር እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ቀድሞ ይቆርጣል።

መድኃኒቱ ቋሚውን ማሳነስ፣ ዳዮድ ያለበትን ክፍል ማሳደግ ነው። 18ቱን በ15 ኪሎ ኦም፣ 3.3ቱን በ10 ኪሎ ኦም ተካናቸው። አሁን ዳዮዶቹ ዝግ ሲሆኑ ጌይኑ 3.5 ነው፣ ሙሉ በሙሉ ቢከፈቱ 2.5። የሚያስፈልገው 2.72ም ይሁን 3.33 በመካከላቸው ይገኛል። ስለዚህ የትኛውንም ካፓሲተር ብታነሱ ይነሳል፣ ተነስቶም ይረጋል። የዳዮዱ ክፍል መምሰል ያለበት 4.2 ኪሎ ኦም ሆነ፣ ግማሽ ቮልቱም የሚገኘው አውትፑቱ 3.5 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ኦሲሎስኮፑ ላይ ያየነውም ከዚያ የራቀ አልነበረም፤ ክብ፣ ንጹሕ የሚመስል ሳይን ዌቭ።

ልብ በሉ፣ የአምፕሊቲዩዱ መጠን በካፓሲተሮቹ ልዩነት ይወሰናል። ሌላ ሰው ይህንኑ ሰርኪዩት በራሱ ዕቃ ሲሠራ 2 ቮልት ወይም 6 ቮልት ቢያገኝ አይገርምም። ቁርጥ ያለ ቮልቴጅ ከፈለጋችሁ 15ቱን በ12 ኪሎ ኦምና በ5 ኪሎ ኦም ትሪመር ተኩና አስተካክሉት።

ምልክት ሦስት፦ ክብ ይመስላል፣ ግን ድምፁ ንጹሕ አይደለም

ይህ የዳዮዶቹ ዋጋ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ በዚያ ቅጽበት ሞገዱን ትንሽ ይጫኑታል። በተለይ ሦስተኛው ሃርሞኒክ ይወጣል። ለብዙ ሥራ ይበቃል። ለድምፅ መፈተሻ ግን አይበቃም።

ለዚያ የሚሻለው ቀስ ብሎ የሚቀየር ነገር ነው። ዊልያም ሂውሌት በ1939 በስታንፎርድ የመመረቂያ ሥራው ላይ ያደረገው ይህንን ነው፤ ትንሽ አምፖል አስገባ። የአምፖል ክር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው ቀስ ብሎ ስለሆነ በአንድ ዙር ውስጥ አይለዋወጥም፤ የሚከተለው አማካዩን ነው። ስለዚህ ሞገዱን ሳይነካካ ጌይኑን ብቻ ያስተካክላል።

አምፖሉ የሚገባው ከማይነስ እግሩ ወደ ግራውንድ በሚሄደው ቦታ ነው። እዚያ ሲሞቅ ጌይኑ ይወርዳል። በፊድባኩ ቦታ ካስገባችሁት ተቃራኒው ይሆናል፤ ሲሞቅ ጌይኑ ይጨምራል፣ ሞገዱም አድጎ ይቆረጣል። ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ቴርሚስተር ከሆነ ግን ቦታው ፊድባኩ ነው። የሚሠራ ሰርኪዩት አምፖል ከገባበት በኋላ ሁልጊዜ የሚቆርጥ ከሆነ መጀመሪያ ይህንን እዩ። ቀጥሎ አምፖሉ ይሞቅ እንደሆነ ፈትሹ፤ ብዙ ሚሊአምፔር የሚፈልግ አምፖልን ኦፕ-አምፕ ሊያሞቀው አይችልም። ያልሞቀ አምፖል ቋሚ ሬዚስተር ነው።

አምፖል ሲገባ ሁለት አዲስ ነገር ታያላችሁ። ፍሪኩዌንሲውን በጥንድ ፖቴንሽዮሜትር ስትቀይሩ አምፕሊቲዩዱ ከፍ ዝቅ እያለ ጥቂት ይወዛወዝና ይረጋል። ብልሽት አይደለም፣ ክሩ አዲሱን ሙቀት እስኪያገኝ ነው። በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ፣ አሥርና ሃያ ኸርዝ አካባቢ፣ ክሩ በእያንዳንዱ ዙር መሞቅና መቀዝቀዝ ስለሚጀምር መዛባቱ ይመለሳል። እዚያ ታች ለመሥራት የበለጠ ዘገምተኛ አምፖል ወይም በጄፌት የሚሠራ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

ተማሪው ዳዮዶቹን ሳይቀይር ሄደ። የሚፈልገው ማጉያውን የሚፈትሽበት 1.6 ኪሎ ኸርዝ ነበር፣ አግኝቷል። ሁለቱን ካፓሲተሮች ግን ከመሄዱ በፊት በማርከር 9.3 እና 10.4 ብሎ ጻፈባቸው።