የተጨመረው ሰው ግዙፍ እንዳይመስል

ፋሲል ግንብ ፊት ለፊት በተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ ላይ ወንድሜ ስላልነበረ በፎቶሾፕ ጨመርኩት። ከኋላ አቁሜው ጭንቅላቱን ከፊተኞቹ ጋር አስተካከልኩ። ግዙፍ ሆኖ አረፈው!

ለካ የሚስተካከለው ጭንቅላት ሳይሆን የካሜራው ከፍታ ነው። ካሜራው በደረት ልክ ከተያዘ፣ ሜዳ ላይ የቆሙ እኩል ቁመት ያላቸው ሰዎች ሁሉ፣ ቅርብም ሩቅም፣ ደረታቸው አንድ አግድም መስመር ላይ ይውላል። በዚያ ከፍታ መስመር ዘረጋሁ። የወንድሜን ጫማ መሬት አስይዤ፣ ደረቱ መስመሩ ላይ እስኪወርድ አሳነስኩት። አጭር ሰው ከሆነ መስመሩ አገጩ አካባቢ ይለፍ። ደረጃ ላይ ለቆመ ግን አይሠራም።

የምትጨምሩት ሰው ከላይ ወደ ታች የተነሳ ከሆነ የጫማው አናት ጎልቶ ይታያል። እሱን ማሳነስ አያድነውም፤ ሌላ ፎቶ ፈልጉ።