ለማንም የማይከፈለው 2 ሚሊዮን ብር፦ በፕሮጀክት ጥናት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የአዋጭነት ጥናት ሲመጣልኝ ቀድሜ የምገልጠው የወጪውን ሠንጠረዥ ነው። እዚያ ውስጥ «የዋና መሥሪያ ቤት ወጪ ድርሻ» ወይም «ጠቅላላና አስተዳደራዊ ወጪ» የሚል መስመር ካየሁ ሌላውን ትቼ እሱን ነው የምጠይቀው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ድርጅቱ እኮ ወጪ አለበት፣ ፕሮጀክቱም ድርሻውን መሸከም አለበት» የሚል ነው። አባባሉ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ጥሩ ፕሮጀክት ይገድላል።

ትልቁ ስህተት፦ ድርሻን እንደ ወጪ መቁጠር

አንድ የዱቄት ፋብሪካ ፓስታ ማምረት አሰበ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ማሽኑ ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ ተተክሎ 9 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። 5 ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም እንበል። በዓመት የ16 ሚሊዮን ብር ፓስታ ይሸጣል። ለስንዴው፣ ለማሸጊያው፣ ለአዲሶቹ ሠራተኞች፣ ለመብራትና ለማጓጓዣ 12 ሚሊዮን ይወጣል። ስለዚህ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ብር በእጅ ይቀራል። ግብሩን ለጊዜው እንተወው፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ለሥራ ማስኬጃ የሚያዘውን ገንዘብም ነገሩ እንዳይወሳሰብ አላስገባሁትም።

ፋብሪካው ከዚህ በፊትም ቋሚ ወጪ አለበት። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ፣ የሒሳብ ክፍሉ፣ ጥበቃው፣ የቢሮው ኪራይ፣ የግቢው ኢንሹራንስ ተደምሮ በዓመት 8 ሚሊዮን ብር ነው። የዱቄቱ ሽያጭ 48 ሚሊዮን ነው። ፓስታው ሲጨመር ጠቅላላ ሽያጩ 64 ሚሊዮን ይሆናል፤ ፓስታው የዚህ ሩብ ነው። የሒሳብ ክፍሉ እንደ ልማዱ ቋሚ ወጪውን በሽያጭ አካፈለና ሩቡን፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ብር፣ ለፓስታው ጻፈለት። የ4 ሚሊዮኑ ፕሮጀክት በወረቀት ላይ የ2 ሚሊዮን ሆነ።

ጥናቱን የሠራውን ልጅ «እስቲ ወንድሜ፣ ለዚህ 2 ሚሊዮን ብር ቼኩን ለማን ነው የምትጽፈው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ለማንም፤ ድርሻ ነው እኮ» አለኝ። መልሱን ራሱ ሰጠው። በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች ፓስታ ተመረተም አልተመረተም ያንኑ ደመወዝ ይወስዳሉ። የቢሮው አከራይም ያንኑ ኪራይ ይቀበላል።

ባለቤቶቹ ከሚያወጡት ገንዘብ በዓመት 20 በመቶ ይጠብቃሉ። በዚህ መጠን ሲሰላ በየዓመቱ የሚመጣው 4 ሚሊዮን፣ የ5 ዓመቱ አንድ ላይ፣ ዛሬ ወደ 11.96 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ማሽኑን ስንቀንስ 2.96 ሚሊዮን ይተርፋል። በ2 ሚሊዮን ካሰላነው ግን የዛሬ ዋጋው 5.98 ሚሊዮን ብቻ ስለሚሆን ፕሮጀክቱ 3.02 ሚሊዮን ያከስራል። በኤክሴል ማየት የፈለገ ሁለቱን መስመሮች ያነጻጽር፦

```
=PV(20%,5,-4000000)-9000000
=PV(20%,5,-2000000)-9000000
```

አንዱ «ግዛ»፣ ሌላው «ተው» ይላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሙሉ ከባንክ የማይወጣ ብር ነው።

የማያምን ሰው ካለ፣ ፕሮጀክቱን ለብቻው ማየት ትቶ የመላውን ፋብሪካ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይጻፍ። ያለ ፓስታው፦ ሽያጭ 48፣ የዱቄቱ ቀጥተኛ ወጪ 36፣ ቋሚ ወጪ 8፣ ቀሪ 4 ሚሊዮን። ከፓስታው ጋር፦ ሽያጭ 64፣ ቀጥተኛ ወጪ 48፣ ቋሚ ወጪ ያው 8፣ ቀሪ 8 ሚሊዮን። ፋብሪካው ፓስታውን በመጀመሩ በዓመት ያገኘው 4 ሚሊዮን ነው፣ 2 አይደለም። የተካፈለው 2 ሚሊዮን የት ገባ ቢባል ዱቄቱ ላይ ነው። ዱቄቱ ትናንት 8 ሚሊዮን ይሸከም ነበር፣ አሁን 6 ይሸከማል። አንድ ኪሎ ዱቄት ሳይጨመር በሪፖርቱ ላይ የዱቄቱ ትርፍ በ2 ሚሊዮን አደገ። ፓስታውን ለብቻው የሚያየው ጥናት ይህን ሌላኛውን ወገን አያሳይም።

ከኪሎ ዋጋ ውስጥ የተደበቀውን አለማየት

«እኔ የዋና መሥሪያ ቤት ድርሻ የሚል መስመር አላስገባሁም» የሚሉም አይተርፉም። የማምረቻ ወጪውን ሲገምቱ ከሒሳብ ክፍሉ የኪሎ ዋጋ ጠይቀው በኪሎ ብዛት ያባዙታል። ያ የኪሎ ዋጋ ውስጥ የፋብሪካው ቋሚ ወጪ ተከፋፍሎ ገብቷል።

የሒሳብ ሰዎቹን አልወቅስም። አይ ኤ ኤስ 2 የሚባለው የክምችት ሒሳብ ደረጃ ቋሚ የማምረቻ ወጪ በመደበኛው የማምረት አቅም ልክ ተከፋፍሎ በምርቱ ዋጋ ላይ እንዲገባ ያዛል። ለዓመታዊ ሪፖርት ትክክል ነው። ጥያቄው ግን «ይህን ፕሮጀክት ብንጀምር ምን ያህል ብር ይገባል፣ ምን ያህል ይወጣል?» ሲሆን ያ ቁጥር አያገለግልም። የኪሎ ዋጋ ሲሰጣችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። ስንዴ ስንት፣ ማሸጊያ ስንት፣ መብራት ስንት? «የፋብሪካ ወጪ» የሚለው መስመር ውስጥስ ምን ምን አለ? ዝርዝሩን ካላገኛችሁ ወጪውን ራሳችሁ ከስንዴው ጀምራችሁ ገንቡት። ይህን ለጀማሪዎች ደጋግሜ እነግራለሁ፤ አድካሚ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

ወጪውን አውጥቶ ግብሩ ላይ መርሳት

ይህ ጎበዝ ልጆች የሚሳሳቱት ስህተት ነው። 2 ሚሊዮኑን ከገንዘብ ፍሰቱ ያወጡትና ግብር ሲያሰሉ መልሰው ይቀንሱታል፤ «ለግብር እኮ ተቀናሽ ነው» ብለው።

ተቀናሽ ነው፣ ግን 8 ሚሊዮኑ ፓስታው ቢኖርም ባይኖርም ከፋብሪካው ገቢ ይቀነሳል። ፓስታው ግብሩን በዚህ ምክንያት አያሳንሰውም። ትክክለኛው ስሌት እንዲህ ነው፦ ከ4 ሚሊዮኑ ላይ የማሽኑ የዓመት እርጅና 1.8 ሚሊዮን ይቀነሳል። እዚህ በ5 ዓመት እኩል አካፍዬዋለሁ፤ በእውነተኛ ጥናት የግብር ሕጉን መጠን ተጠቀሙ። በቀረው 2.2 ሚሊዮን ላይ 30 በመቶ ግብር 660 ሺህ ብር ነው። በእጅ የሚቀረው በዓመት 3.34 ሚሊዮን፣ ከማሽኑ ዋጋ በላይ የሚተርፈው ደግሞ 990 ሺህ ገደማ ይሆናል። ድርሻውን ግብሩ ላይ ብቻ የተዉ ሰዎች ግን ግብሩን 60 ሺህ ብቻ አድርገው ትርፉን 2.78 ሚሊዮን ያደርሱታል። በፊት ፕሮጀክቱን በሐሰት ይጥሉት ነበር፣ አሁን በሐሰት ያሳብጡታል።

«ቋሚ» የሚባለውን ሁሉ ጠራርጎ ማውጣት

ያለ ፕሮጀክቱም የሚከፈል ወጪ አይቆጠርም የሚለውን የሰማ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። ስሙ ቋሚ ወጪ ከሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣዋል። መታየት ያለበት ስሙ አይደለም፣ በፕሮጀክቱ ምክንያት መለወጡ ነው። ፓስታው የሌሊት ፈረቃ ካመጣና አንድ ጥበቃ ከተቀጠረ የእሱ ደመወዝ ይገባል። የአዲሱ ማሽን ኢንሹራንስ ይገባል። የሒሳብ ክፍሉ ሥራው በዝቶበት አንድ ሰው ከቀጠረ እሱም ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ግን ያው ሥራ አስኪያጅ ነው።

እኔ መስመር በመስመር ነው የምሄደው። ለእያንዳንዱ ወጪ የአሁኑን የዓመት ክፍያ ከውል ወይም ከደመወዝ ዝርዝር እወስዳለሁ። ከዚያ የክፍሉን ኃላፊ «ፓስታው ሲጀመር ይህ ስንት ይሆናል?» እላለሁ። ልዩነቱን ብቻ እጽፋለሁ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ።

በዚህ ጉዳይ የሚረሳው አዳራሹ ነው። ፓስታው የሚተከለው ባዶውን በተቀመጠ አዳራሽ ውስጥ ነበር። «ለአዳራሹ የሚከፈል ነገር የለም» ብለው አለፉት። የአዳራሹን የቆየ ወጪ መተዋቸው ልክ ነው። ግን ከጎረቤት ያለ አስመጪ ለመጋዘን በወር 50 ሺህ ብር ሊከራየው ጠይቆ እንደነበር የንብረት ክፍሉ ነገረኝ። ፓስታው ከገባ ይህ ኪራይ ይቀራል። በዓመት 600 ሺህ፣ ከግብር በኋላ 420 ሺህ ብር ነው። በ5 ዓመት ሲሰላ ዛሬ 1.26 ሚሊዮን ያህል ያወጣል። 990 ሺሁን በልቶ ፕሮጀክቱን ወደ 270 ሺህ ብር ኪሳራ ይከተዋል።

ስለዚህ የአስመጪው ጥያቄ በደንብ መጣራት ነበረበት። ሲጣራ የፈለገው ለአንድ ዓመት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ የራሱን መጋዘን ሊገባ ነው። ሌላ ፈላጊ አልነበረም። ስለዚህ የሚቀረው የአንድ ዓመት ኪራይ ብቻ ነው፣ ዛሬ 350 ሺህ ብር። ፕሮጀክቱ 640 ሺህ ተርፎት ቆመ። ለማንም የማይከፈለው 2 ሚሊዮን መውጣት ነበረበት፤ በእጅ ያልተከፈለው 600 ሺህ ደግሞ መግባት ነበረበት፣ ለዚያውም ለአንድ ዓመት ብቻ።

ተመሳሳዩን ስህተት ምርት ሲዘጋ መድገም

«ይህ ምርት ድርሻውን ስንጭንበት ይከስራል፣ እንዝጋው» ይባላል። ይዘጋል፣ ድርሻው ግን አብሮት አይዘጋም፤ ወደቀሩት ምርቶች ይዛወርና ከእነሱ ደካማውን ያከስራል። በሚቀጥለው ዓመት እሱ ተረኛ ይሆናል።

«ታዲያ ይህን ወጪ ማን ይሸፍነዋል?»

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የፋይናንስ ኃላፊው ያነሳዋል፣ እኔም አከብረዋለሁ። 8 ሚሊዮኑን መሸፈን ያለባቸው ዱቄቱና ፓስታው አንድ ላይ ሆነው ነው። የመሸጫ ዋጋ ሲወሰንና የዓመት በጀት ሲወጣ ይህ መታየት አለበት። ድርሻውን ማየት የፈለገ ከገንዘብ ፍሰቱ ሠንጠረዥ ውጭ፣ ለብቻው «ለመረጃ» ብሎ ይጻፈው።

ጥያቄው አንድ እውነት ግን አለው። ዛሬ ፓስታ፣ ከርሞ ብስኩት፣ ከዚያ የከብት መኖ ይጨመራል። ለእያንዳንዱ ብቻውን ሲጠየቅ «ሒሳብ ክፍሉ ይችላል» ይባላል። ሦስቱ ሲደመሩ ግን ሁለት ሰው ይቀጠራል፣ ሰፊ ቢሮ ይከራያል፣ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ይመጣል። በተናጠል ዜሮ የተጻፈው ወጪ በአንድነት ዜሮ አይደለም። ስለዚህ በተከታታይ የታቀዱ ሥራዎች ካሉ ሁለቱን የፋብሪካ ሒሳቦች አንዴ ከሦስቱም ጋር፣ አንዴ ያለ ሦስቱም እጽፋቸዋለሁ። በመካከላቸው የሚታየው የቋሚ ወጪ ጭማሪ በጥቅሉ የሦስቱ ዕቅድ ላይ ይገባል፣ ሦስቱም አብረው ይወሰናሉ።