የስቲም ጌም ሪፈንድ፦ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ስቲም ላይ የገዛችሁት ጌም ካልተስማማችሁ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ ነው። ዋናው ነገር ሁለት ቁጥር ነው፦ ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈው፣ ከ2 ሰዓት በታች የተከፈተ ጌም። ሁለቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ከተሟሉ ምክንያታችሁ "አልወደድኩትም" ቢሆን እንኳ ይበቃል።

ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ "ጠይቄ ከለከሉኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙዎቹን አግዣለሁ። ገንዘቡ የሚቀረው ደንቡ ከብዶ ሳይሆን፣ ደንቡን በልባቸው በገመቱት መንገድ ስለሚረዱት ነው።

ሰዓቱን "የተጫወትኩበት" ብሎ መቁጠር

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስቲም የሚቆጥረው እናንተ የተደሰታችሁበትን ጊዜ አይደለም። ጌሙ ክፍት የሆነበትን ጊዜ ነው። ሜኑ ላይ ቆማችሁም ይቆጥራል። ፖዝ አድርጋችሁ ብትሄዱም ይቆጥራል። ኮምፒውተሩን ትታችሁ ብትተኙም ይቆጥራል!

አንድ የሰፈር ልጅ 30 ዶላር የሚያወጣ ጌም ገዝቶ በጣም ተበሳጭቶ መጣ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የተጫወትኩት፣ ለምን ይከለክሉኛል?" አለኝ። ላይብረሪውን ከፍተን አየነው፦ 2.1 ሰዓት ይላል። አልዋሸም። ቁጭ ብለን ምሽቱን ደቂቃ በደቂቃ አስታወስነው። ጌሙ መጀመሪያ ሲከፈት ሼደር የሚባሉትን የግራፊክስ ፋይሎች እያዘጋጀ 25 ደቂቃ ያህል ወሰደ። ኮምፒውተሩ ደከም ያለ ስለሆነ ሴቲንጉን ዝቅ እያደረገ ሲሞክር 20 ደቂቃ ሄደ። ከዚያ እናቱ ለእራት ጠሩት፣ ጌሙን ፖዝ አድርጎ 50 ደቂቃ ቆየ። ተመልሶ በትክክል የተጫወተው 30 ደቂቃ ነው። ሲደመር 125 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። እራቱን ሲበላ ጌሙን ዘግቶት ቢሆን ኖሮ 75 ደቂቃ ላይ ይሆን ነበር። ጥያቄውም ያለ ችግር ያልፍ ነበር።

ዳውንሎድ የሚደረግበት ጊዜ አይቆጠርም፤ ኢንተርኔታችሁ ቀርፋፋ ቢሆንም አትጨነቁ። የሚቆጠረው ጌሙን ከከፈታችሁበት ጀምሮ ነው። አንዳንድ ጌሞች ደግሞ የራሳቸው ላውንቸር አላቸው። ጌሙን ስትከፍቱ መጀመሪያ ሌላ ትንሽ መስኮት ይመጣል። ጌሙን ዘግታችሁ ያ ላውንቸር ከጀርባ ክፍት ከቀረ፣ ለስቲም አሁንም እየተጫወታችሁ ነው። ይህን የምታውቁበት መንገድ አለ። ላይብረሪ ውስጥ የጌሙን ገጽ ተመልከቱ። ቁልፉ ወደ PLAY ካልተመለሰና STOP እንዳለ ከቀረ ሰዓቱ እየሮጠ ነው። ራሳችሁ STOP ብላችሁ ዝጉት።

እኔ ለሁሉም የምለው አንድ ነው። አዲስ ጌም ስትከፍቱ በአጠገባችሁ ሰዓት ይኑር። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ዝጉና ወስኑ። ብዙ ጌሞች የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓታቸው ቪዲዮና ማለማመጃ ነው፤ "ትንሽ ልየው" እያላችሁ 2 ሰዓቱ ያልፋል። ደግሞ ጌሙ በይፋ ከመውጣቱ በፊት ቀድሞ የመጫወት ዕድል ያለበትን ውድ እትም ከገዛችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ያ ጊዜም ከ2 ሰዓቱ ይታሰባል። ቀድሞ አይታሰብም ነበር፤ ያንን የድሮውን ደንብ ይዘው የሚከራከሩ ዛሬም አሉ።

14 ቀኑን ጌሙን ከከፈቱበት ቀን መቁጠር

የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ነው። በትልቅ ቅናሽ ጊዜ አምስት ስድስት ጌም ሰብስቦ የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። አንዱን ሲጫወት ሌሎቹ ይቆያሉ። በወሩ ሲከፍተው ኮምፒውተሩ አይችለውም፣ ቀኑም አልፏል። የገዛችሁትን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ክፈቱት፣ መሥራቱን እዩ። ገና ያልወጣ ጌም አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ ግን እስኪወጣ ድረስ በማንኛውም ቀን ማስመለስ ትችላላችሁ። 14 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከወጣ በኋላ ነው።

ስጦታን፣ የዋሌት ካርድንና የጌም ኮድን አንድ አድርጎ ማየት

አገር ቤት ያለን ብዙዎቻችን በራሳችን ካርድ አንከፍልም። ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይገዛልናል፣ ወይ ከቴሌግራም ሻጭ የዋሌት ካርድ ወይም የጌም ኮድ እንገዛለን። ሦስቱ መንገዶች በሪፈንድ ጊዜ በጣም ይለያያሉ።

ዘመድ በስጦታ የላከላችሁን ጌም ከተቀበላችሁት፣ ማስመለሱን መጀመር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፣ በእናንተ አካውንት። ያው 14 ቀንና 2 ሰዓት ይሠራል። ገንዘቡ ግን የሚሄደው ለገዛው ሰው ነው። ስለዚህ ዲሲ ያለው ወንድማችሁ በራሱ አካውንት ሲፈልግ አይዋል፤ ደውላችሁ "እኔ እመልሰዋለሁ፣ ብሩ ላንተ ይመጣል" በሉት። ሳትነግሩት ካደረጋችሁት ደግሞ ምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

የዋሌት ካርድ ኮድ ገዝታችሁ ዋሌታችሁን፣ ማለትም በስቲም አካውንታችሁ ውስጥ ያለውን የገንዘብ ቦርሳ ከሞላችሁ፣ የሞላችሁትን ገንዘብ ራሱን ስቲም አይመልስም። በዚያ ገንዘብ የገዛችሁት ጌም ግን ይመለሳል፣ ወደ ዋሌታችሁ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ሳይጠይቅም ይቀራል።

ሦስተኛው የጌሙ ራሱ ኮድ ነው። ከሌላ ሻጭ ገዝታችሁ ስቲም ላይ ያስገባችሁት ጌም በስቲም አይመለስም። የከፈላችሁት ለሻጩ ነውና ጉዳያችሁም ከእሱ ጋር ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ በዚህ መንገድ የገዛችው ጌም አልከፈት ሲላት ሻጩን ጠየቀችው፤ ወዲያው ብሎክ አደረጋት። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ስለመቻሉ እርግጠኛ ላልሆናችሁበት ጌም ኮድ አትግዙ። የዋሌት ካርድ ገዝታችሁ በስቲም ውስጥ ብትገዙት ይሻላል። ዋጋው ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ ግን መመለስ ትችላላችሁ።

ተጨማሪ ይዘትና ባንድል

ዲኤልሲ ስትገዙ 2 ሰዓቱ የሚቆጠረው ዲኤልሲውን ከገዛችሁ በኋላ ዋናውን ጌም ከተጫወታችሁበት ነው። ከዚያ በፊት መቶ ሰዓት ብትጫወቱ አይከለክላችሁም። ባንድል፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚሸጡ ጌሞች ከሆነ የሁሉም ጌሞች ሰዓት ተደምሮ ነው ከ2 ሰዓት በታች መሆን ያለበት።

የስቲምን ደንብ ፕሌይስቴሽን ላይ ይዞ መሄድ

ይሄ ውድ ስህተት ነው። ፕሌይስቴሽን ስቶርም 14 ቀን ይላል፣ ግን የ2 ሰዓት ሙከራ የለውም። ጌሙን ዳውንሎድ ማድረግ ከጀመራችሁ፣ ጌሙ ብልሽት ከሌለው በስተቀር መብታችሁ ያበቃል። አንድ ደቂቃ ባትጫወቱም። አውቶማቲክ ዳውንሎድ ክፍት ከሆነ ደግሞ እናንተ ሳትነኩት ይጀምራል። አስቀድማችሁ ጌም የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ዝጉት።

ማመልከቻውን በተሳሳተ ቦታና በባዶ ቃል ማስገባት

ለጌሙ ሠሪ ኢሜይል መጻፍ፣ የጌሙ ገጽ ላይ መጥፎ ሪቪው መለጠፍ፣ የጌሙ ዲስኮርድ ላይ መጨቃጨቅ፤ አንዱም ገንዘብ አይመልስም። ቦታው help.steampowered.com ነው። በአካውንታችሁ ግቡ፣ Purchases የሚለውን ክፈቱ፣ ጌሙን ምረጡ፣ ችግሩን ምረጡ፣ ከዚያ ሪፈንድ መጠየቂያውን ተጫኑ። ቅጹ ላይ ገንዘቡ የት እንዲመለስ እንደምትፈልጉ ይጠይቃል፦ ወደ ዋሌት ወይስ ወደ ከፈላችሁበት ካርድ። የከፈላችሁት በጊዜያዊ ቨርቹዋል ካርድ ከሆነና ካርዱ ከተዘጋ፣ ዋሌት ምረጡ። ከጸደቀ በኋላ ገንዘቡ በሳምንት ውስጥ ይላካል። ካርድ ከሆነ ባንኩ ተጨማሪ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የማረጋገጫ ኢሜይሉን አታጥፉት።

ደንቡን የምታሟሉ ከሆነ አስተያየት መስጫው ላይ አንድ መስመር ይበቃል። 2 ሰዓቱ ካለፈ ግን እዚያ ላይ ነው መድከም። ስቲም ከደንቡ ውጭ የሆነ ጥያቄም እንደሚያይ ራሱ ጽፏል፤ ስለዚህ አልፏል ብላችሁ አትተዉት። "ጌሙ አይሠራም፣ ብሬን መልሱ" ማለት ለሚያነበው ሰው ምንም አይነግረውም። ይልቅ ምን እንደሆነ ጻፉ፦ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ ጌሙ ይዘጋል፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ የግራፊክስ ካርዴ ይሄ ነው፣ ድራይቨሩን አድሻለሁ፣ የጌሙን ፋይሎችም አረጋግጫለሁ፣ ከተቆጠረው ሰዓት አብዛኛው ይህን ለማስተካከል የሄደ ነው። እውነት የሆነውን ብቻ ጻፉ፤ የተጫወታችሁበት ሰዓት እነሱ ጋ ይታያል።

ችግሩ የእናንተ ብቻ ካልሆነ ያንንም ጥቀሱ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሶኒ የሄልዳይቨርስ 2 ተጫዋቾች በኮምፒውተርም የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ወይም ፒኤስኤን አካውንት እንዲያገናኙ እጠይቃለሁ ሲል፣ ፒኤስኤን ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች አይሰጥም ነበር። ያኔ ከ2 ሰዓት እጅግ አልፈው የተጫወቱ ሰዎች ስቲም ገንዘባቸውን መልሶላቸዋል። ሶኒም በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ።

ቅናሽ ሲመጣ ማፈር

ጌሙን በ40 ዶላር ገዛችሁ፣ በአምስተኛው ቀን 20 ሆነ። መልሳችሁ በቅናሹ መግዛት ትችላላችሁ። ስቲም ይህን እንደ ማጭበርበር እንደማያየው በደንቡ ላይ በግልጽ ጽፎታል። እንደ ማጭበርበር የሚያየው ጌም በነጻ ለመጫወት ብሎ በየሳምንቱ ገዝቶ መመለስን ነው። እዚያ ከደረሳችሁ ሪፈንድ የመጠየቅ ዕድሉን ሊዘጋባችሁ ይችላል። በማጭበርበሪያ ፕሮግራም ተጫውቶ የስቲም አጭበርባሪ መያዣ በሆነው በቪኤሲ የታገደ ደግሞ የዚያን ጌም ገንዘብ አያገኝም።

ባንክ ሄዶ ክፍያውን ማስሰረዝ

ስቲም ሲከለክል በንዴት ወደ ባንክ የሚሄዱ አሉ። ባንኩ ክፍያውን መልሶ ሲይዝ ስቲም አካውንቱን ይገድባል። ክርክሩ እስኪያልቅ መግዛትም መገበያየትም የለም። ለ15 ዶላር ጌም ብላችሁ ለዓመታት የሰበሰባችሁትን ላይብረሪ አደጋ ላይ አትጣሉት። ከተከለከላችሁ ችግሩን በዝርዝር ጽፋችሁ በዚያው በ help.steampowered.com እንደገና ጠይቁ። ባንክ የምትሄዱት ካርዳችሁን ሌላ ሰው ሰርቆ ከተጠቀመበት ነው። ያኔም ለስቲም ቀድማችሁ አሳውቁ።