ለጓደኛ የላክነውን ቴክስት ወደ ሪፖርት እንዴት እንቀይረዋለን?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩትም ስብሰባው ላይ እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ጥቅምት ላይ የውሃ ፓምፓችን ተበላሸና ሐሙስ ዕለት ለጓደኛዬ እንዲህ ብዬ ቴክስት አደረግኩለት፦

«ኧረ ጉድ ነው! ፓምፑ ደሞ ተቃጠለ እኮ። ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ የለም። ጥበቃው ለጥ ብሎ ተኝቶ ሳያጠፋው አደረ። ሚሰራው ሰውዬ ነገ ነገ ይላል። ሁለት ጀሪካን ሙላልኝ፣ መጣሁ።»

ማታ ደግሞ ይህንኑ ለኮሚቴው በሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። ቴክስቱን ፊቴ አስቀምጬ እየቀየርኩ ሄድኩ።

መጀመሪያ የሚወጡት ድምፄን የያዙት ቃላት ናቸው፦ «ኧረ»፣ «ጉድ ነው»፣ «እኮ»። «እኮ» ትንሽ ብትሆንም «አንተም ታውቀዋለህ» የምትል ቃል ናት። ጓደኛዬ በርግጥ ያውቃል። ሪፖርቱን ከስድስት ወር በኋላ የሚያነበው አዲስ የኮሚቴ አባል ግን አያውቅም።

ቀጥሎ የተዋጡትን ፊደላት መመለስ ነው። «ደሞ» «ደግሞ» ይሆናል፣ «አርጎ» «አድርጎ»፣ «ሚሰራው» «የሚሠራው»። ይሄ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ያቆማል።

ከባዱ «ለጥ ብሎ ተኝቶ» የሚለው ነው። መጀመሪያ «ከባድ እንቅልፍ ወስዶት» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ጨዋ ሆነ፣ ነገሩ ግን ያው ሐሜት ነው። ሲተኛ አይቼዋለሁ? አላየሁም። ያየሁት ጠዋት ማብሪያ ማጥፊያው በርቶ፣ ታች ያለው ሮቶ ደርቆ ነው። ፓምፕ ያለ ውሃ ሲሠራ ካደረ ይግላል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ መግባት ያለበት ያየሁት ብቻ ነው። ወርጄ ጥበቃውንም ጠየቅኩት፤ እሱ ያለኝንም ጨመርኩ።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። በቴክስት «ጥበቃው አለኝ» እላለሁ። በሪፖርት ግን ሰው ሁሉ አንቱ ነው፦ «ሠራተኛው ገልጸዋል»፣ «ባለሙያው አልመጡም»። ሰብሳቢውን «ገልጸዋል» ብሎ ጥበቃውን «ተናገረ» ማለት፣ ሳናስበው ማን ትልቅ ማን ትንሽ እንደሆነ መፍረድ ነው።

ሌላው ወጥመድ «ተደርጓል»፣ «ተነግሯል» ነው። እንዲህ ሲባል ማን እንዳደረገው ይጠፋል። «ፓምፑ ሳይጠፋ ታድሯል» ብዬ ነበር፤ ማን ያላጠፋው? አድራጊው ከታወቀ ይጻፍ።

በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት የብሎኩ የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ ተገኝቷል። ማብሪያ ማጥፊያው በርቶ፣ የታችኛው ሮቶም ባዶ ነበር። ተረኛው የጥበቃ ሠራተኛ ፓምፑን ሰኞ ማታ 2፡00 ሰዓት ላይ አብርተው እንዳላጠፉት ገልጸዋል። የጥገና ባለሙያው ለረቡዕ ቀጠሮ ሰጥተው የነበረ ቢሆንም፣ ይህ ሪፖርት እስከተጻፈበት ሐሙስ ማታ ድረስ አልመጡም።»

ልብ በሉ፣ «ተቃጥሎ» አልተነካም። «ሮቶ»ም እንዳለ ነው፤ ብሎኩ ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራው የለም። ሪፖርት ስንጽፍ ተራ ቃል ሁሉ የሚያሳፍር ይመስለንና «ከፓምፑ መቃጠል ጋር ተያይዞ የጥገና ሥራ የማከናወን ተግባር» ዓይነት ነገር እንጽፋለን። «ጥገና» ካልን አይበቃም? የምንፈትሽበት መንገድ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ምን እንደተባለ ከጠፋችሁ ቁረጡት።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ሪፖርቱን ጨርሼ፣ እጄ ገና ከዚያ ሳይላቀቅ፣ ለዚያው ጓደኛዬ «ስለ ጀሪካኖቹ ሁኔታ እንድታሳውቀኝ እጠይቃለሁ» ብዬ ላክኩለት። ወዲያው ደወለ።

«ምን አጠፋሁ? ተቀይመኸኛል እንዴ?»