ደሴ ላይ ዶሮ ሲጠበስ ዘይቱ ስንት ዲግሪ ይሁን?

እዚህ የማወራው ዱቄት ለብሶ፣ ዘይት ውስጥ ሰምጦ ስለሚጠበሰው ዶሮ ነው። ብዙ ሰው ቤት የሚያጋጥመው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ላዩ ጠቁሮ ይወጣል፤ ሲቆረስ አጥንቱ አጠገብ ጥሬ ነው። እኔንም አጋጥሞኛል። ያውም ሰው በተጠራበት ቀን።

የእህቴ ምርቃት ነበር። ስምንት ዶሮ ገዝቼ ጥብሱን እኔ ልያዝ አልኩ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አሠራር ዘይቱን 180 ዲግሪ አድርሱ ይላል። አደረስኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዶሮው ቡናማ ሆነ፣ በስምንተኛው ደቂቃ ሊያርብኝ ስለሆነ አወጣሁት። እናቴ ለአንድ አዛውንት ታፋውን ልትቆርስላቸው ቢላዋ ስታሳርፍበት፣ አጥንቱ ሥር ሥጋው እንደ ጄሊ የሚንሸራተት፣ ያልበሰለ ሆኖ ተገኘ። ምንም ሳትናገር ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን የተጠበሰውን በሙሉ ድስት ውስጥ መልሰን በውሃ ቀቀልነው።

ጎረቤታችን እማማ በረመዳን ሳምቡሳ ስትጠብስ የኖረች ሴት ናት። ጓዳ ገብታ አየችኝና «አብሽር ልጄ፣ እሳቱን ቀንስለትና ጊዜ ስጠው» አለችኝ። ምክሯ ትክክል ነበር። ለምን ትክክል እንደሆነ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ቁጥሩ

በቅድሚያ ቁጥሩን ልንገራችሁ። ደሴ ወይም በዚያ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ከሆናችሁ፣ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ዘይቱ ከ160 እስከ 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ዶሮው ሲገባ ሙቀቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እስኪበስል ድረስ ከ145 እስከ 155 መካከል ያዙት። የሥጋው መሃል 74 ሲደርስ በስሏል። ታፋን እኔ 80 አደርሰዋለሁ፤ ከአጥንቱ ቶሎ ይላቀቃል።

ብዙ ቦታ የምታነቡት 175 ወይም 180 ነው። ያ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች።

ከፍታው ምን ያደርጋል?

ይሄን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡልኝ። ሌላው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ምርቃት በኋላ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ትክክል መሆኑን ለማየት የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 92 አለኝ። ውሃ በ100 ነው የሚፈላው ብዬ ስለተማርኩ፣ የተበላሸ ዕቃ ገዛሁ ብዬ ሌላ ገዛሁ። እሱም 92 አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ደሴ ላይ 92 ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ።

ይሄ ከጥብስ ጋር ምን አገናኘው? ጥሬ ዶሮ አብዛኛው ውሃ ነው። ዘይት ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ፈልቶ በእንፋሎት ይወጣል። የምታዩት አረፋ እሱ ነው። ሥጋው እርጥብ እስከሆነ ድረስ፣ ዘይቱ ምንም ያህል ቢግል፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሥጋ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም። ባሕር ጠረፍ ላይ ያ 100 ነው። እኛ ጋ 92 ነው።

መሃሉን የሚያበስለው ደግሞ ይሄው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሙቀት ነው። ከ100 እስከ 74 ሃያ ስድስት ዲግሪ ልዩነት አለ። ከ92 እስከ 74 ግን አሥራ ስምንት ብቻ ነው። ልዩነቱ ሲያንስ ሙቀቱ ወደ ውስጥ የሚገባበት ፍጥነትም ያንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ የታፋ መሃል ቀስ ብሎ ይበስላል። ቅርፊቱ ግን አይጠብቀውም። እሱ አንዴ ከደረቀ በኋላ የሚያገኘው የዘይቱን ሙቀት ነው፤ 180 ላይ ከሆነ መጥቆሩን ይቀጥላል። የኔ ዶሮ የሆነው ይሄ ነው።

እሳት መጨመር መሃሉን አያፈጥነውም ማለት ይቻላል፤ የሚያፈጥነው ቅርፊቱን ነው። መፍትሔው ዘይቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ሰዓቱን ማርዘም ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከደሴው ቁጥር ላይ ሦስት አራት ዲግሪ ጨምሩ። ብትተዉትም ብዙ አይጎዳችሁም።

ዝቅ ማድረግም ግን ወሰን አለው። ዶሮው ገብቶ ዘይቱ ከ140 በታች ከቆየ አረፋው ይደክማል፣ ዱቄቱ ሳይጠነክር ይላላና ዘይት ይጠጣል። ሲወጣ እጅ ላይ ይቀባል፣ ቅርፊቱም ከቆዳው ይለያል። እንዲህ ከሆነባችሁ የገባው ዶሮ ለዘይቱ በዝቷል ማለት ነው።

ዶሮውን ማዘጋጀት

የምጠቀመው የፈረንጅ ዶሮ ነው። የሀበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለሆነ በጥሬው ዘይት ውስጥ ቢገባ አይለሰልስም። እሱን ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ለቅርፊቱ ብቻ መጥበስ ይሻላል።

1.2 ኪሎ የሚሆን ዶሮ ስምንት ቦታ እከፍላለሁ። ሁለት ታፋ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ክንፍ፣ ደረቱ ደግሞ ሁለት። ደረቱ ወፍራም ከሆነ በመሃል አንዴ እቆርጠዋለሁ። ጨው አድርጌበት አሬራ ውስጥ ፍሪጅ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከፍሪጅ አውጥቼ ግማሽ ሰዓት ውጭ አቆየዋለሁ። የጦሳ ብርድ ባለበት ጠዋት ጓዳውም ራሱ ፍሪጅ ነው፤ ያን ጊዜ ምድጃው አካባቢ አስቀምጡት። በረዶ የሆነ ዶሮ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ አትንኩት። መሃሉ በረዶ ከሆነ ያልኳችሁ ቁጥር ሁሉ አይሠራም።

አሬራውን በደንብ አንጠፍጥፉት። በወተት ውስጥ ያለው ስኳር ቶሎ ይጠቁራል። ከዚያ ጨውና ቁንዶ በርበሬ የገባበት ፉርኖ ዱቄት ውስጥ አገላብጣችሁ ትርፉን አራግፉ።

ዱቄቱ ውስጥ በርበሬ አትጨምሩ። የወሎ ሰው ያለ በርበሬ ምን ጥብስ አለ እንደሚል አውቃለሁ። ግን በርበሬ ዘይት ውስጥ ከዱቄቱ ቀድሞ ያርራል፣ ይመራል፣ መጥቆሩንም ከእሳቱ መሆኑን እንዳታውቁ ያደርጋችኋል። ዶሮው ከወጣ በኋላ በትኩሱ ሚጥሚጣ ነስንሱበት፣ ወይም አዋዜ አቅርቡ።

መጥበስ

ድስቱ ወፍራም ይሁን። ስስ ድስት ዶሮው ሲገባ ሙቀቱ ገደል ይገባል፤ ሲመለስ ደግሞ በአንዴ ይግላል። ሁለት ሊትር የተጣራ የሱፍ ዘይት አደርጋለሁ፣ ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። ያልተጣራ የኑግ ዘይት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ቶሎ ይጨሳል።

ቴርሞሜትሩ ዘንግ ያለው፣ የሚወጋ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። በርቀት ጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሳይ ዕቃ የሚያነበው የዘይቱን ላይ ብቻ ስለሆነ ለዚህ አልወደውም። ዘይት ስትለኩ ጫፉ የድስቱን ቂጥ አይንካ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የደረቀ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ክተቱ። ዙሪያውን ትናንሽ አረፋ ረጋ ብሎ ከወጣ ቀርባችኋል። በኃይል ከተንጨረጨረ ግሏል፤ ከምድጃው አውርዳችሁ ጠብቁት። ይሄ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም።

165 ሲደርስ አራት ብልት ብቻ አስገቡ። በመጀመሪያ ታፋና እግር፣ ምክንያቱም የሚቆዩት እነሱ ናቸው። የኔ ድስት ላይ ዘይቱ ወዲያው ወደ 145 ይወርዳል። እዚህ ላይ ደንግጣችሁ እሳቱን እስከ ጥግ አትክፈቱት። ትንሽ ጨምሩና በሦስት አራት ደቂቃ ውስጥ 150 ሲሆን መልሳችሁ ቀንሱ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ መብራቱ ስለሚዋዥቅ ዓይናችሁን ከቁጥሩ ላይ አታንሱ። በከሰል ከሆነ ድስቱን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ፍሙን ወደ ዳር ገፋ ማድረግ ይቀላል።

በመሃል አንዴ አገላብጡ። በስድስተኛው ደቂቃ ቅርፊቱ ገና ገረጣ ያለ የገለባ መልክ ሊኖረው ይገባል። በዚያ ሰዓት ቡናማ ከሆነ ዘይቱ ግሏል፤ ወዲያው ቀንሱ። በአሥረኛው ደቂቃ ድምፁ ይለወጣል። መጀመሪያ የነበረው ጩኸት ረገብ ይላል፣ አረፋውም ይሳሳል። የሚወጣው ውሃ እያነሰ ነው ማለት ነው።

እኔ ጋ ታፋና እግር ከ15 እስከ 17 ደቂቃ ይፈጃሉ፣ ደረት 12 ገደማ፣ ክንፍ 10። ግን ሰዓቱ ምልክት ነው፤ የሚፈርደው ቴርሞሜትሩ ነው። አንዱን ብልት አውጡና በወፍራሙ በኩል እስከ መሃሉ ውጉት። አጥንት አይንካ፤ አጥንት ከነካ የምታነቡት የሥጋውን ሙቀት አይደለም። ከ74 በታች ከሆነ መልሱት። ከበሰለ በኋላ መልኩ ገርጥቶባችሁ ከሆነ ዘይቱን ወደ 170 ከፍ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ መልሱት።

አንድ ነገር እንዳያሳስታችሁ። የፈረንጅ ዶሮ በልጅነቱ ስለሚታረድ አጥንቱ ገና አልጠነከረም፤ ከመቅኔው የሚወጣው ቀለም አጥንቱ ዙሪያ ያለውን ሥጋ 80 ደርሶም ሊያቀላው ይችላል። መቅላቱ ብቻ ጥሬ አያደርገውም። ጥሬ ሥጋ ይንሸራተታል፣ ያብረቀርቃል፣ ከአጥንቱ አልላቀቅም ይላል። የበሰለው ይሰነጠቃል።

የወጣውን ዶሮ ወረቀት ላይ አትከምሩት። ከሥሩ በእንፋሎት ይርሳል፣ የለፋችሁበት ቅርፊት ይለሰልሳል። እኔ የምድጃ ፍርግርግ ትሪ ላይ አድርጌ እሱ ላይ እደረድረዋለሁ። ከዚያ ዘይቱ ላይ የቀረውን የዱቄት ፍርፋሪ በጭልፋ አውጥቼ፣ እንደገና 165 እስኪደርስ ጠብቄ ደረቱንና ክንፉን አስገባለሁ። ፍርፋሪው ከቆየ ይከስላል፣ የሁለተኛውን ዙር ዶሮም ያጠቁረዋል።