የጀልባ ቀፎ በራይኖ ስትሠሩ ሞገድ እንዳይወጣባችሁ

ራይኖ በተባለው የ3ዲ መንደፊያ ሶፍትዌር ላይ የጀልባ ቀፎ የምትሠሩ ከሆነ፣ ቅርጾችን አገናኝቶ ገጽ የሚሠራውን `Loft` ከመጫናችሁ በፊት የእያንዳንዱን መስቀለኛ ቅርጽ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ቁጠሩ። አንዱ 5፣ ሌላው 9 ካለው ገጹ በመስመር ይጨናነቃል፤ ጎኑም ይሸበሸባል።

6 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ እንውሰድ። ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ 5 ቅርጾች ይበቃሉ። ብዙ ቅርጽ ማስገባት ያለሰልሳል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ስህተት ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ሁሉንም ምረጡና `Rebuild` በሉ፤ ነጥብ 6፣ ዲግሪ 3። ቅርጹ ትንሽ ሊንሸራተት ስለሚችል ከዋናው ጋር አስተያዩት። እኔ ግን የመሀሉን ቅርጽ አንዴ ሠርቶ መቅዳትን፣ ከዚያ ነጥቦቹን ወደየቦታቸው መጎተትን እመርጣለሁ። የነጥቡ ብዛትም አቅጣጫውም ያኔ አንድ ይሆናል።

አሁን `Loft` በሉ። ቅርጾቹን ከፊት ወደ ኋላ በተራ፣ ሁሌም ከታችኛው ጫፍ አጠገብ ንኩ። አንዱን ከላይ ከነካችሁ ቀፎው እንደ ጨርቅ ይጠመዘዛል። ስታይሉን `Loose` አድርጉት። ገጹ በመሀል ቅርጾቹ ላይ በትክክል አያልፍም፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ለስላሳነቱ ግን ከ`Normal` በጣም ይሻላል። ስፋቱ ከጎደለ የገጹን ነጥቦች ወደ ውጭ ሳቡ።

በመጨረሻ `Zebra` ክፈቱ። ጥቁርና ነጭ ሸንተረሮቹ ከፊት እስከ ኋላ ሳይሰበሩ ከፈሰሱ ጥሩ ነው። ድንገት የሚታጠፉበት ቦታ ካለ፣ እዚያ አጠገብ ያለውን ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋር አስተካክሉት።