መብራት ሲጠፋ የማያርፈው ሰርቨር

ምልክቱ

ጅማ ውስጥ ክረምት ላይ መብራት መጥፋቱ ዜና አይደለም። ያን ሌሊትም ከስድስት ሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ሄደ። በጄኔሬተር የቀረነው የሰርቨር ክፍሉና የእኔ ጠረጴዛ ብቻ ነን። ማሽኖች የሚጠይቁት የኢንተርኔት ስም የሚመዘገብበት፣ ሁሌ የሚጎርፈው የዲኤንኤስ ሎግ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አንዱ ጠብታ ግን ሰዓት ይጠብቃል።

```
22:02 ACC-01 k7q2vd.api.example.net
23:09 ACC-01 m0x9ta.api.example.net
00:07 ACC-01 p4hw1c.api.example.net
```

ሎጉ የሚጽፈው በዩቲሲ ሰዓት ስለሆነ የመጨረሻው መስመር በእኛ ከሌሊቱ 9፡07 መሆኑ ነው። ማሽኑ የሂሳብ ሰርቨራችን ነው። የሚጠይቀው ስም መጨረሻው አንድ ነው፣ መጀመሪያው ግን በየጊዜው ይለዋወጣል። አንቲቫይረሱ ጭጭ ብሏል።

ምክንያቱ

መጀመሪያ አፕዴት እየፈለገ ነው ብዬ ነበር። አፕዴት የሚፈልግ ፕሮግራም ግን አንድ የታወቀ አድራሻ ነው የሚጠይቀው። እንዲህ የሚቀያየር ስም ውስጥ መረጃ ተጠቅልሎ ሊወጣ ይችላል።

ጠያቂውን ፕሮግራም ፕሮግራሞች የሚሠሩትን በሚመዘግበው የሲስሞን ሎግ፣ የዲኤንኤስ ጥያቄ በሚጻፍበት ቁጥር 22 ላይ አገኘሁት። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ራሱ ነው! በሳምንቱ ምንም አልነካንም። ወደ ኋላ ስሄድ ግን ስሙ መጀመሪያ የታየው አፕዴት ከጫንን በ13ኛው ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የወጣው፣ በሶፍትዌር ኩባንያው ሶላርዊንድስ አፕዴት ውስጥ ተደብቆ የገባው ሰርጎ ገብ ኮድም እስከ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር የሚነሳው። አሮጌውን ቨርዥን የያዘው የቅርንጫፋችን ሰርቨር ደግሞ ስሙን አንዴም አልጠራም። እዚህ ላይ ነው ላብ ያላበኝ።

ኃላፊዬን ቀሰቀስኳቸው።

«የሶፍትዌሩ ዲጂታል ፊርማ ትክክል አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ትክክል ነው፤ `Get-AuthenticodeSignature` የመለሰልኝ `Valid` ብሎ ነው። ፊርማ ፋይሉ ከተፈረመ ወዲህ እንዳልተነካ ነው የሚናገረው። ጆንያው ሳይታሸግ በፊት ቡናው ውስጥ ጠጠር ከገባ ማኅተሙ ምን ያድርግ?

መፍትሄው

«በቃ አጥፊው!» አሉ።

«ጋሼ፣ ካጠፋነው ሜሞሪው ላይ ያለው ሁሉ ይሄዳል። የኔትወርክ ገመዱን ብቻ ልንቀለው።»

ነቀልኩ። ሜሞሪውን ቀድቼ ዲስኩንም ኮፒ አደረግሁ። ከዚያ ስሙን በዲኤንኤስ አገድኩና ሌላ ማሽን ጠርቶት እንደሆነ የወሩን ሎግ ፈተሽኩ። አልነበረም። ሶፍትዌሩን አራግፎ መልሶ መጫን ብቻውን አያስተማምንም፤ የገባው ሰው ሌላ በር ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩን ከባዶ በአሮጌው ቨርዥን ሠራነው። በተጠቃው ሰርቨር ላይ የተጠቀምንባቸውን የይለፍ ቃሎች በሙሉ ከንጹሕ ኮምፒውተር ቀየርን። ዳታውን ከባክአፕ መለስን፣ ፕሮግራሞቹን ግን አይደለም።

ለሻጩ የደወልነው በውሉ ላይ ባለው ስልክ ነው። ኢሜይላቸውንም ሌላ ሰው እያነበበው ከሆነስ? በሦስተኛው ቀን መልሰው ደወሉ። ኮዱ የገባው አፕዴቱን በሚያዘጋጁበት ማሽን ላይ፣ ከመፈረሙ በፊት ነበር።